በሞያሌ በኩል ወደ ናይሮቢ በአውቶቡስ፦ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በየብስ የሚሄድ ሰው ባቡር አያገኝም። መንገዱ አውቶቡስ ነው፣ በሩም ሞያሌ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ አውቶቡስ ከጫፍ እስከ ጫፍ አያደርስም። የኢትዮጵያው አውቶቡስ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ያራግፋችኋል። ድንበሩን ትሻገሩና በኬንያ አውቶቡስ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጋችሁ ናይሮቢ ትገባላችሁ። ሁለቱም ግማሽ መንገዶች እያንዳንዳቸው ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ።

ችግር የሚበዛው መሀል ላይ፣ በሁለቱ አውቶቡሶች መካከል ባለችው አጭር መንገድ ነው። ሞያሌ ላይ የተሠራ ስህተት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እዚያው አይደለም። ማርሳቢት ላይ ነው።

ችግር 1፦ ኬንያ ውስጥ ፍተሻ ላይ ከአውቶቡስ አስወረዱኝ

ምልክቱ ይህ ነው። ሞያሌን አልፋችሁ ሰዓታት ተጉዛችኋል። ፖሊስ ገብቶ መታወቂያና ፓስፖርት ይሰበስባል። የእናንተን ፓስፖርት ገጽ በገጽ ያገላብጣል፣ መልሶ ከመጀመሪያው ያገላብጣል፣ ከዚያ «ውረድ» ይላል።

ምክንያቱ ፓስፖርቱ ላይ የመግቢያ ማህተም አለመኖሩ ነው። ቪዛ አያስፈልገኝም ማለት ማህተም አያስፈልገኝም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፣ ማህተም ግን የግድ ነው። ማህተም የሌለው ሰው በኬንያ ሕግ በሕገወጥ መንገድ የገባ ነው። ይህ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ በደላላ የሚሄዱ ልጆቻችን የሚያልፉበት ስለሆነ ፖሊስ ኢትዮጵያዊ ሲያይ ይበልጥ ያጣራል።

ሰው እንዴት ሳያስመታ ያልፋል? ሞያሌ ከተማዋ ለሁለት የተከፈለች ናት። የአካባቢው ሰው ለገበያም ለለቅሶም ወዲያና ወዲህ ይላል። የባጃጅ ሹፌር ወይም ሻንጣ ተሸካሚ «ና በዚህ እናልፋለን» ካለ ኬንያ ገብታችሁም ድንበር ያለፋችሁ ላይመስላችሁ ይችላል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ ድንበር ኬላ የሚሠራው በአንድ ማቆሚያ ነው። የሁለቱ አገር ሠራተኞች አንድ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ጉዳዩ የሚያልቀውም በምትገቡበት አገር በኩል ባለው ሕንፃ ነው። ስለዚህ ወደ ኬንያ ስትሄዱ የኢትዮጵያ መውጫም የኬንያ መግቢያም ማህተም የሚመታው በኬንያ በኩል ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በኢትዮጵያ በኩል ያለውን ሕንፃ አይቶ «ማንም አልጠየቀኝም» ብሎ ያልፋል። ወይም አንዱን መስኮት ጨርሶ ሌላውን ሳያይ ይወጣል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ለባጃጁ «ኢሚግሬሽን አድርሰኝ» በሉ፣ «ኬንያ» ወይም «አውቶቡስ ተራ» አትበሉ። ከሕንፃው ከመውጣታችሁ በፊት ፓስፖርቱን ከፍታችሁ ሁለት ማህተም ፈልጉ፦ አንድ መውጫ፣ አንድ መግቢያ። ቀኑ የዕለቱ መሆኑን እዩ። በኬንያው ማህተም ላይ ስንት ቀን እንደተፈቀደላችሁም አንብቡ። ሠራተኛው ለስንት ጊዜ እንደምትቆዩና የት እንደምታርፉ ይጠይቃል፣ የሚሰጠው ቀንም በመልሳችሁ ላይ ሊመሠረት ይችላል። «ሁለት ሳምንት» ብላችሁ ሁለት ወር ለመቆየት ካሰባችሁ ችግሩን ለራሳችሁ እያዘጋጃችሁ ነው።

ሳታስመቱ ካለፋችሁና ገና ሞያሌ ከሆናችሁ ዛሬውኑ ተመለሱና ለኢሚግሬሽን እውነቱን ተናገሩ። ማርሳቢት ከደረሳችሁ ግን «እኔ እጨርስልሃለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጡ፤ የሚያመጣላችሁ የውሸት ማህተም ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው። ፓስፖርታችሁን አሳዩ፣ ናይሮቢ ያለው ኤምባሲ እንዲነገረው ጠይቁ።

ለማህተም ክፍያ የለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ «ደረሰኝ ይሰጠኛል?» ብላችሁ በትህትና ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ችግር 2፦ የውጭ ፓስፖርት የያዘው ልጃችን ድንበር ላይ ቀረ

ይህ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ቤተሰብ አብሮ ሲጓዝ የሚመጣ ነው። እናት የኢትዮጵያ ፓስፖርት አላት። ልጇ የአሜሪካ ፓስፖርትና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለው። እናት ማህተሟን ይዛ ጨርሳለች፣ ልጁ መስኮቱ ላይ ቆሟል።

ምክንያቱ፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ስትደርሱ የሚሰጥ ቪዛ የላትም። በምትኩ ኢቲኤ የሚባል የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ በኢንተርኔት ይወሰዳል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል እንጂ ኬንያ የምታየው ፓስፖርቱን ነው። በአሜሪካ ፓስፖርት የሚጓዝ ሁሉ፣ ሕፃን ልጅም ቢሆን፣ የራሱ ኢቲኤ ያስፈልገዋል።

ማመልከቻው etakenya.go.ke ላይ ነው። መደበኛው ክፍያ 30 ዶላር አካባቢ ነው፣ በባንክ ካርድ ይከፈላል። ስሙን አስመስለው የተሠሩና እጥፍ የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች ስላሉ አድራሻውን በእጃችሁ ጻፉት። መልሱ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ እኔ ከመነሻው ሳምንት ቀድሞ ማመልከትን እመርጣለሁ። የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊከፍልላችሁ ይችላል።

ልጁ ሞያሌ ደርሶ ኢቲኤ እንደሌለው ከታወቀስ? ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ፈቃዱ እስኪመጣ የኢትዮጵያን መውጫ ማህተም አታስመቱ። ኬላው ውስጥ መጀመሪያ የሚመታው መውጫው ነው። እሱ ከተመታ በኋላ ኬንያ ካልተቀበለችው፣ ልጁ ከአንድ አገር ወጥቶ ሌላ አገር ያልገባ ሰው ይሆናል። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የያዘ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቪዛው ያኔ አልቋል፣ ወደ ኢትዮጵያ መመለሻም የለውም። ስለዚህ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ያመልክት፣ በኢትዮጵያ በኩል ሞያሌ ይደር፣ ኢቲኤው በኢሜል ሲገባ ያትመው፣ ከዚያ ወደ ኬላው ይሂድ። እናትም ማህተም ካላስመታች አብራው ብታድር ይሻላል።

በተቃራኒው አቅጣጫም ይህ ችግር አለ። ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የውጭ ፓስፖርት ያለው ሰው ሞያሌ ላይ ቪዛ ይገዛል ብሎ እንዳይመጣ። ኢትዮጵያ ለደራሽ መንገደኛ የምትሰጠው ቪዛ የቦሌ አየር ማረፊያ ነገር ነው። ኢ-ቪዛውም ሲጀመር ለቦሌ ነው የተሠራው፤ የያዛችሁት ወረቀት በየትኛው በር እንደሚያስገባ ናይሮቢ ሳላችሁ አንብቡ፣ ግልጽ ካልሆነ ኤምባሲውን ጠይቁ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው ግን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛ ይገባል። የመታወቂያው ጊዜ ያላለፈ መሆኑን ከጉዞው በፊት ማየት ነው።

ችግር 3፦ ኬላው ተዘጋብኝ፣ ወይም አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ

ከአዲስ አበባ ጠዋት የተነሳ አውቶቡስ በዚያው ቀን ሞያሌ ይገባል ብላችሁ አትቁጠሩ። መንገድ ላይ ፍተሻ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይታደራል። ኬላው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሠራል ብላችሁ ዕቅድ አውጡ። አስር ሰዓት ካለፈ በኋላ ሞያሌ ከገባችሁ በኢትዮጵያ በኩል አድራችሁ ማለዳ መሻገር ነው የሚሻለው። ኔትወርክ ሲቋረጥና ሲስተም ሲቆም ሰልፉ ለሰዓታት ይቆማል፣ ማለዳ የመጣ ሰው ግን ቀኑ በእጁ ነው።

አውቶቡስ የሚያመልጠው ደግሞ በሰዓት አቆጣጠር ነው። ሁለቱ አገሮች የሰዓት ልዩነት የላቸውም፣ አቆጣጠሩ ግን ይለያያል። የኬንያ ቲኬት ላይ 7:00 ከጠዋት ጋር ተጽፎ ካያችሁ የእኛ 1 ሰዓት ነው፣ ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት አይደለም። 4:00 ከሰዓት በኋላ ካለ የእኛ 10 ሰዓት ነው። ቲኬት ስትቆርጡ ሻጩ ፊት ስልካችሁን አውጥታችሁ «አሁን ይህን ያህል ነው፣ ስንት ሰዓት ይቀረኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የኬንያውን ቲኬት ደግሞ ማህተም ካስመታችሁ በኋላ ቁረጡ። ቀድማችሁ ከፍላችሁ ሰልፍ ላይ ከቆማችሁ አውቶቡሱ አይጠብቃችሁም።

ችግር 4፦ የጤና መስኮቱ ላይ አገዱኝ

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የለም፣ ወይም አለ ግን አዲስ ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ሊገኝባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች ውስጥ ስለሆነች ኬንያ ካርዱን የመጠየቅ መብት አላት። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ጉዞው ዋዜማ ላይ መከተብ ካርድ ያስገኛል፣ ጸንቶ የሚያሳልፍ ካርድ ግን አይሆንም። አንዴ የተከተበ ሰው ዕድሜ ልኩን ይበቃዋል። አሮጌ ካርድ ላይ 10 ዓመት የሚል ቢጻፍበትም ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያ ገደብ ተነስቷል።

ችግር 5፦ ሻንጣዬን ሁሉ አስፈቱኝ

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፌስታል ነው። ኬንያ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢትን ከነሐሴ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። የእናት በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ ደግሞ በፌስታል ተቋጥሮ ነው የሚላከው። አዲስ አበባ ሳላችሁ በጨርቅ ከረጢት ወይም በክዳን ባለው ዕቃ ቀይሩት፣ ጫማ የጠቀለላችሁበትንም አስወጡ። ጫት፣ እንዲሁም ከራስ ፍጆታ የበዛ ቡና ወይም ልብስ ከሆነ ግን ጉዳዩ የጉምሩክ ነው።

ብርም ይዛችሁ የምትወጡት መጠን ገደብ አለው፣ ኬንያ ውስጥም ከሞያሌ ባለፈ ብዙም አይጠቅማችሁም። ለአውቶቡሱና ለምግብ የሚበቃ ሽልንግ ይኑራችሁ፣ መንገድ ላይ በእጅ ከሚመነዝር ሰው ግን ራቁ።

ስትመለሱ ሕንፃው ይቀየራል። ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጡ ሁለቱም ማህተሞች የሚመቱት በኢትዮጵያ በኩል ነው። የኬንያን መውጫ ሳታስመቱ ከገባችሁ በሚቀጥለው ጉዞ የኬንያው ኮምፒውተር ገና አልወጣችሁም ብሎ ያሳያል፣ ከተፈቀደላችሁ ቀን አልፋችሁ እንደቆያችሁም ይቆጠራል። ከናይሮቢ ማታ የተነሳ አውቶቡስ ሞያሌ የሚደርሰው ጠዋት ነው፤ እንቅልፍ ይዟችሁ ሰው ተከትላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት መስኮቱን ፈልጉት።