ካሜራው በርቷል፣ ኤንቪአሩ ግን አያየውም

ሳሪስ አካባቢ ያለው የወዳጄ መጋዘን ውስጥ ስምንት ቻናል ያለው ኤንቪአር፣ የካሜራዎቹን ሥዕል የሚቀዳው ሳጥን፣ አለ። ስድስት ካሜራ ተገጥሞለት ዓመታት ያለ ችግር ሲቀዳ ኖሯል። ሰባተኛውን ሊጨምር ሲወጣ ያው ብራንድ ጠፋ። ሻጩም «ይሄም ኦንቪፍ አለው፣ ከምንም ጋር ይሠራል» አለውና ሌላ ብራንድ ይዞ ተመለሰ። ኦንቪፍ የተለያየ ፋብሪካ ካሜራና ኤንቪአር የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ ነው። ኤንቪአሩ ጀርባ ካሉት ክፍት ፖርቶች በአንዱ ሰካው። ጨለም ሲል የካሜራው የሌሊት መብራት ቀላ ብሎ በራ። ስክሪኑ ላይ ግን ሰባተኛው ሳጥን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ደወለልኝ። «ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ልመልሰው?»

ቆይ አልኩት። «አላገኘውም» የምትለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያየ ችግር ትሸፍናለች። አንደኛው ካሜራው ፍለጋው ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ የማይወጣበት ነው። ሁለተኛው ዝርዝሩ ላይ ወጥቶ ሲጨምሩት እምቢ የሚልበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ተገናኝቷል» እያለ ሥዕል የማያመጣበት። መፍትሔያቸው ስለማይገናኝ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ማየት ይሻላል። የወዳጄ ካሜራ ሦስቱንም በየተራ አሳየን።

ዝርዝሩ ላይ የለም

ኤንቪአር ካሜራ የሚፈልገው ጮኾ በመጣራት ነው ማለት ይቻላል። «ኦንቪፍ የምታውቁ ካሜራዎች፣ አላችሁ?» ብሎ ኔትወርኩ ላይ መልእክት ይበትናል። መልእክቱ የሚሄደው ወደ `239.255.255.250`፣ በዩዲፒ ፖርት 3702 ነው። ይህ ጥሪ በተለመደው ሁኔታ ራውተር አያልፍም። ካሜራው በእንግዳ ዋይፋይ ላይ ወይም በሌላ የአድራሻ ክልል ላይ ካለ ጥሪው አይደርሰውም፣ ወይም ቢደርሰውም መልሱ አይመለስም።

ሌላም ነገር አለ። እያንዳንዱ ብራንድ የራሱን ካሜራዎች የሚጠራበት የግል ቋንቋም አለው። ኤንቪአሩ በፋብሪካው ቋንቋ ብቻ እየተጣራ ከሆነ የሌላ ብራንድ ካሜራ ዝም ይላል። ስለዚህ ካሜራ መጨመሪያው ገጽ ላይ `Protocol` የሚለውን ወደ `ONVIF` ቀይራችሁ እንደገና ፈልጉ።

የወዳጄ ችግር ግን ከዚህም ቀደም ብሎ ይጀምራል። ኤንቪአሩ ጀርባ ያሉት የካሜራ ፖርቶች ፒኦኢ ናቸው፤ በኔትወርክ ገመዱ ኤሌክትሪክም ይልካሉ። ብዙ ሰው የማያስተውለው እነዚህ ፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ ከቢሮው ኔትወርክ የተለየ ትንሽ ኔትወርክ መሆናቸውን ነው። ለምሳሌ ሂክቪዥን ላይ ይህ የውስጥ ኔትወርክ `192.168.254` ብሎ የሚጀምር አድራሻ ይጠቀማል። የራሱ ብራንድ ካሜራ ሲሰካ ኤንቪአሩ አድራሻውን ራሱ ያስተካክልለታል። የሌላ ብራንድ ካሜራ ግን ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን አድራሻ እንደያዘ ሊቆይ ይችላል። ኤሌክትሪኩ ስለደረሰው ይበራል። አድራሻው ስለማይገጥም ግን የሚያናግረው የለም።

ካሜራውን ከዚያ ነቅለን ቢሮው ውስጥ ባለው የፒኦኢ ስዊች ላይ ሰካነው፤ ኤንቪአሩም በዋናው የላን ፖርቱ የተገናኘው እዚያው ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የካሜራው አድራሻ `192.168.1.88` ተብሎ ተጽፏል። የቢሮው ኔትወርክ ደግሞ በ`192.168.8` ይጀምራል። ስለዚህ የላፕቶፔን አድራሻ ለጊዜው `192.168.1.50`፣ ማስኩን `255.255.255.0` አድርጌ ሞከርኩ።

```
ping 192.168.1.88
```

መለሰ። ካሜራው ደህና ነው ማለት ነው። በብራውዘር ገብቼ ፓስወርድ አወጣሁለት፤ አሁን የሚመጡት አብዛኞቹ ካሜራዎች ፓስወርድ ሳታወጡላቸው ሥራ አይጀምሩም። ከዚያ አድራሻውን ወደ `192.168.8.27` ለወጥኩት። ይህን ስታደርጉ ቁጥሩን ሌላ መሣሪያ አለመያዙን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሁለት መሣሪያ አንድ አድራሻ ከያዘ ካሜራው እየመጣ እየጠፋ ቀኑን ሙሉ ያደክማችኋል።

ፒኦኢ ስዊች ከሌለ እዚያው ኤንቪአሩ ጀርባ ማቆየትም ይቻላል። መጀመሪያ በላፕቶፕ ካሜራው ውስጥ ገብታችሁ ከውስጡ ኔትወርክ ጋር የሚገጥም አድራሻ ስጡት። ከዚያ ኤንቪአሩ ላይ የዚያን ቻናል አጨማመር ከ`Plug-and-Play` ወደ `Manual` ቀይሩ።

ፍለጋው ባያወጣውም ተስፋ አትቁረጡ። አድራሻውን ካወቃችሁት በእጅ ማስገባት ትችላላችሁ። እዚህ ላይ የሚያሳስተው የፖርት ቁጥሩ ነው። ኦንቪፍ ብዙ ጊዜ በ80 ይሠራል፤ የቲፒ-ሊንክ ታፖ ካሜራዎች ግን 2020 ላይ፣ ብዙ ርካሽ የቻይና ካሜራዎች ደግሞ 8899 ላይ ነው የሚሰሙት።

አገኘው፣ ግን አያስገባውም

አድራሻው ከተስተካከለ በኋላ ካሜራው ዝርዝሩ ላይ ብቅ አለ። ጨመርነው። «የተጠቃሚ ስም ወይም ፓስወርድ ስህተት» የሚል መልእክት መጣ። ወዳጄ ፓስወርዱን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጻፈው፣ ሦስቴም ያው። ትክክለኛው ፓስወርድ ነበር፤ በዚያው ፓስወርድ ነው ደቂቃ ሳይሞላ በብራውዘር የገባሁት።

እዚህ መጀመሪያ የሚታየው ኦንቪፍ መከፈቱ ነው። በብዙ ካሜራዎች ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ሂክቪዥን ላይ `Network`፣ ቀጥሎ `Advanced Settings`፣ ከዚያ `Integration Protocol` ውስጥ ገብታችሁ `Enable ONVIF` የሚለውን ትከፍታላችሁ። እዚያው ገጽ ላይ ለኦንቪፍ የተለየ ተጠቃሚ መፍጠር ያስፈልጋል። በብራውዘር የምትገቡበት አካውንት እዚህ አይሠራም። ታፖም ተመሳሳይ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው አፕ ውስጥ `Camera Account` የሚባል ሌላ ስምና ፓስወርድ ታወጣላችሁ። እኛም ይህን አደረግን። አሁንም እምቢ አለ።

ሁለተኛው የሚታየው ካሜራው ተቆልፎ እንደሆነ ነው። ኤንቪአር ትዕግሥት የለውም፤ የተሳሳተ ፓስወርድ ከሰጣችሁት በየሰከንዱ ደጋግሞ ይሞክራል። ካሜራው ደግሞ ሌባ መጣብኝ ብሎ ለግማሽ ሰዓት ያህል በሩን ይዘጋል። ትክክለኛውን ፓስወርድ ብትጽፉም እስከዚያ አይቀበልም። ቻናሉን ከኤንቪአሩ ላይ ሰርዛችሁ፣ ካሜራውን አጥፍታችሁ አብሩትና አንዴ ብቻ በትክክል ሞክሩ። ይሄም አልሆነልንም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ እኛ አገር በተለይ እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

አድራሻውን ስቀይር ወዳጄ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የካሜራው ሰዓት የተዛባ መሆኑን አየና «እሱን ለኔ ተወው» ብሎ የእጅ ሰዓቱን እያየ አስተካከለው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ የእጅ ሰዓቱ 9፡40 ይላል። `09:40:00` ብሎ ጻፈ። ኤንቪአሩ ላይ ግን ሰዓቱ `15:40` ነው። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ገባ።

ኦንቪፍ ፓስወርዱን እንዳለ አይልክም። ፓስወርዱን ከአንድ የዘፈቀደ ቁጥርና መልእክቱ ከተጻፈበት ሰዓት ጋር ቀላቅሎ ነው የሚልከው። ካሜራው ያንን ሰዓት ከራሱ ሰዓት ጋር ያመሳክራል። ልዩነቱ ከበዛ «ይሄ ሰው ሰርቆ የያዘው መልእክት ሊሆን ይችላል» ብሎ ይጥለዋል። ስክሪኑ ላይ ግን «ሰዓትህ ተሳስቷል» አይልም፤ «ፓስወርድ ስህተት» ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር ይህ መልእክት ብዙ ጤነኛ ካሜራ ወደ ሱቅ ያስመልሳል።

ሁሉም ካሜራ እንዲህ ጥብቅ አይደለም። አንዳንድ ኤንቪአርም የካሜራውን ሰዓት መጀመሪያ ጠይቆ ራሱ ያስታርቃል። ግን በዕድል ከመተማመን ማስተካከሉ ይቀላል። የጊዜ ቀጠናውን `GMT+03:00` አድርጉት። ብዙ ካሜራ `GMT+08:00` ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሰዓቱን ብቻ አስተካክላችሁ ቀጠናውን ከረሳችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ትክክል መስሎ ከውስጥ አምስት ሰዓት ይሳሳታል። ኢንተርኔት ካለ ሰዓቱን ከዚያ እንዲወስድ `NTP` የሚለውን ክፈቱት። ካሜራው ባትሪ ከሌለው መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ጥንት ሊመለስ ይችላል። ትናንት የሠራ ካሜራ ዛሬ «ፓስወርድ ስህተት» ካለ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ።

ሰዓቱን ወደ `15:40` መለስነው፣ ቀጠናውንም ቀየርነው። ወዲያው ገባ።

ገባ፣ ግን ጥቁር ነው

አሁን «ተገናኝቷል» ይላል፣ ሥዕል የለም። ይሄኛው አጭር ነው። ካሜራው ቪዲዮውን `H.265` በሚባል አጨማመቅ ይልካል፣ የወዳጄ አሮጌ ኤንቪአር የሚያነበው `H.264` ብቻ ነው። ካሜራው ላይ `Video Encoding` ወደ `H.264` ይቀየራል፤ መጨረሻው ላይ የመደመር ምልክት ያለበትን አትምረጡ፣ እሱ የየፋብሪካው የግል ቅመም ነው። ኤንቪአሩ የሚችለው የሥዕል መጠን ከካሜራው ካነሰም መጠኑን ዝቅ አድርጉ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ከፈለጋችሁ ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቱና ሥዕሉን ቀጥታ ከካሜራው ጠይቁ። የመጀመሪያው መስመር ለሂክቪዥን፣ ሁለተኛው ለዳሁዋ ነው።

```
rtsp://user:pass@192.168.8.27:554/Streaming/Channels/101
rtsp://user:pass@192.168.8.27:554/cam/realmonitor?channel=1&subtype=0
```

ቪኤልሲ ካሳየው ካሜራው ንጹሕ ነው። ኦንቪፍ ጭራሽ እምቢ ካለም ኤንቪአሩ `Custom Protocol` የሚል ምርጫ ካለው ይህንኑ መንገድ መስጠት ይቻላል።

«ከምንም ጋር ይሠራል» የሚለው የሻጮች አነጋገር ግን ልክ አለው። ኦንቪፍን አክሲስ፣ ቦሽና ሶኒ በ2008 ሲጀምሩት የተለያየ ፋብሪካ መሣሪያ እንዲግባባ ነው። የሚያግባባው ግን እንደ ፕሮፋይሉ ነው። ፕሮፋይል ኤስ ቀጥታ ሥዕልን በ`H.264` ይሸፍናል፤ `H.265`ን ያስገባው ፕሮፋይል ቲ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ፤ `onvif.org` ላይ የሞዴሉን ቁጥር ብትፈልጉ በይፋ የተመዘገበ መሆኑንና ፕሮፋይሉን ታያላችሁ። በባትሪ የሚሠሩና በስልክ አፕ ብቻ የሚታዩ ካሜራዎች አብዛኞቹ ኦንቪፍ የላቸውም። እነሱን መመለስ ነው።

የወዳጄ ሰባተኛ ካሜራ አሁን ይቀዳል። ካሜራው ሰውን ከድመት መለየት ይችላል፣ ግን ያ ዕውቀቱ ወደ ሌላ ብራንድ ኤንቪአር አልተሻገረም። ስለዚህ ያንን ቻናል ያለማቋረጥ እንዲቀዳ አደረግነው። ወዳጄ ግን ቀረጻው ላይ `15:40` ባየ ቁጥር «ስድስት ሰዓት ይሳሳታል» እያለ ይደውልልኛል።