ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ማስታወቂያ ሲታረም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአርትዖት የሚመጣ የተተረጎመ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የፊደል ግድፈት የለበትም። እያንዳንዱ ቃል አማርኛ ነው፤ አንድ ላይ ሲነበብ ግን አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ብሎ እንደማይሸጥ፣ እንዲህ ብሎም እንደማይገዛ ወዲያው ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለማቃናት የሚቀመጥ አርታኢ በተደጋጋሚ የሚሠራቸውን ስህተቶች በአንድ ናሙና ላይ ማየት ይሻላል። የሚከተለው ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ነው፤ የዚህ ዓይነት ትርጉም የሚያነብ ሰው መልኩን ሳይለየው አይቀርም።

«ለግትር እድፎች ደህና ሁኑ ይበሉ! አዲሱ እና የተሻሻለው የእኛ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ከኃይለኛ ፎርሙላው ጋር በጥልቀት ያጸዳል፣ ልብሶችዎን ትኩስ እና ብሩህ በመተው። በአንድ ማጠብ ብቻ ልዩነቱን ይለማመዱ። ምክንያቱም ቤተሰብዎ የተሻለውን ይገባዋል። የእርስዎን ዛሬ ያግኙ!»

የመጀመሪያው ስህተት እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማረም ነው። ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው በተመላለሰ ቁጥር አርታኢው ቃል በቃል እየለወጠ ይሄዳል፤ «ግትር» የሚለውን በ«አስቸጋሪ»፣ «ይለማመዱ» የሚለውን በ«ይመልከቱ» ይተካና የዐረፍተ ነገሩ አጥንት ግን እንደነበረ ይቀራል። የተሻለው አካሄድ ምንጩን ሁለት ጊዜ በጥሞና አንብቦ ማስታወቂያው የሚናገራቸውን ነገሮች ለብቻ መጻፍ ነው። እዚህ ላይ የምናገኘው ሳሙናው አዲስና የተሻሻለ መሆኑን፣ ኃይለኛ መሆኑን፣ በቀላሉ የማይለቅ እድፍ እንደሚያስለቅቅ፣ ልብስ አጽድቶ እንደሚያወጣ፣ ልዩነቱም ከአንድ እጥበት በኋላ እንደሚታይ ነው። ከዚያ በኋላ ምንጩን ዘግቶ በአማርኛ ማሰብ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ምንም እንዳልጎደለና እንዳልተጨመረ ለማመሳከር ብቻ መልሶ መክፈት ይገባል።

ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስህተት፣ የእንግሊዝኛውን የዐረፍተ ነገር አካሄድ ሳይነኩ መተው ነው። «በጥልቀት ያጸዳል፣ ልብሶችዎን ትኩስ እና ብሩህ በመተው» የሚለውን ጮክ ብለው ያንብቡት። «ያጸዳል» ሲባል አማርኛ አንባቢ ነገሩ እንዳለቀ ይቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ የተንጠለጠለው ጭራ ከየት እንደመጣ ስለማያውቅ ወደኋላ ተመልሶ ለማንበብ ይገደዳል። እንግሊዝኛ ዋናውን ድርጊት አስቀድሞ ውጤቱን ያስከትላል፤ አማርኛ ግን ድርጊቶቹን በሆኑበት ቅደም ተከተል በቦዝ አንቀጽ እያያያዘ ሄዶ በማሰሪያ አንቀጽ ይዘጋል። ስለዚህ ሳሙናው እድፉን «አስለቅቆ» ልብሱን «ያጠራዋል» እንጂ ልብሱን ጥሩ አድርጎ «አይተወውም»። በማስታወቂያ ውስጥ ደግሞ ይህ ቅደም ተከተል ጥቅም አለው፤ ገዢው እንዲያስታውሰው የሚፈለገው ውጤት ከሁሉም በኋላ፣ ድምፅ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ይወድቃል።

«ምክንያቱም ቤተሰብዎ የተሻለውን ይገባዋል» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ምክንያትን ነጥሎ ራሱን እንደቻለ ዐረፍተ ነገር ማቆም የተለመደ ስልት ነው፤ በአማርኛ ግን ከምን ጋር እንደተያያዘ የማይታወቅ «ምክንያቱም» ገዢን ከመሳብ ይልቅ ግር ያሰኛል። በዚያ ላይ ሰዋስዋዊ ግድፈት አለበት። «ይገባል» በሚለው ግስ ባለቤቱ የሚገባው ነገር እንጂ የሚገባው ሰው አይደለም፤ ስለዚህ «የተሻለው ይገባዋል» እንጂ «የተሻለውን ይገባዋል» አይባልም። የተሳቢ ምልክቷ «ን» እዚህ የገባችው ተርጓሚው በእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ቤተሰቡን ባለቤት፣ ነገሩን ተሳቢ አድርጎ ስላየው ነው። እንዲህ ያለችው «ን» ስትታይ ሙሉው ዐረፍተ ነገር ዳግም መታየት እንዳለበት ጥሩ ምልክት ናት።

ሦስተኛው ስህተት ማስታወቂያው ማንን እንደሚያናግር ሳይወስኑ መቀጠል ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ተውላጠ ስም ይበቃዋል፤ አማርኛ ግን «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እናንተ» እና «እርስዎ» ብሎ እንድንመርጥ ያስገድደናል። የናሙናው የመጀመሪያ መስመር እድፎቹን በብዙ ቁጥር «ደህና ሁኑ» ሲል ገዢውን ደግሞ በአክብሮት «ይበሉ» ይላል፤ ሁለቱ ትእዛዞች ጎን ለጎን ሲቆሙ ማን ማንን እንደሚያናግር ለመረዳት ማሰብ ይጠይቃል። ረዘም ባለ ማስታወቂያ ውስጥ ደግሞ በላይ «ልብስዎ» ብሎ ጀምሮ በታች «ሞክሩት» ብሎ የሚጨርስ ብዙ ነው። «እርስዎ» ጾታ ስለማይለይና አክብሮት ስለሚሰጥ ለብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ያለ ስጋት ይሆናል፤ «እናንተ» ለወጣቶች ወይም ለቡድን በሚነገር ቀለል ያለ መልእክት ያምራል። የሳሙና ማስታወቂያ ሲሆን በልማድ «አንቺ» የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ልብስ የሚያጥብ ወንድ የለም ብሎ መነሳት ስለሆነ፣ ደንበኛው ሆን ብሎ ካልጠየቀ በቀር ባይደረግ እመርጣለሁ።

አክብሮቱ ከተመረጠ በኋላም ቢሆን «እርስዎ»ን እና «የእርስዎ»ን በየመስመሩ መደርደር አያስፈልግም። ግሱ ራሱ ማን እንደሚያደርግ ስለሚናገር ተውላጠ ስሙ የሚያስፈልገው ንጽጽር ወይም አጽንኦት ሲኖር ብቻ ነው። «የእኛ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት» በሚለው ውስጥ ያለው «የእኛ» ቢወጣ የሚጎድል ነገር የለም፤ ሳሙናው የአስተዋዋቂው መሆኑ ሳይነገርም ይታወቃል። «የእርስዎን ዛሬ ያግኙ» የሚለውማ የጠፋ ዕቃዎን ይፈልጉ የተባለ ይመስላል።

አራተኛው ስህተት የእንግሊዝኛን ቅጽል በአማርኛ ቅጽል ብቻ ለመተካት መድከም ነው። «ትኩስ ልብስ» ሲባል አንባቢው የሚያስበው ገና ከካውያ የወረደ ልብስ ነው፤ «ብሩህ» ለተስፋና ለአእምሮ እንጂ ለሸሚዝ አይመቸውም፤ «በጥልቀት» ደግሞ ከማጠብ ይልቅ ከማጥናት ጋር ይሄዳል። አማርኛ በእንዲህ ያለው ቦታ የራሱ ሀብት አለው፤ እሱም «አለ» እና «አደረገ» ከሚሉት ግሶች ጋር የሚገጥሙት አጫጭር ገላጭ ቃላት ናቸው። ልብስ «ጽድት» ይላል፣ «ጥርት» ይላል፣ ቆሻሻ «ሙልጭ» ብሎ ይወጣል፣ እድፍ «ልቅቅ» ይላል። ሰው ልብስ ሲያጥብ የሚናገረው ይህን ስለሆነ አንዲት እንዲህ ያለች ቃል ሦስት ቅጽሎችን ተክታ ትሠራለች። ገደብ ግን አለው፤ እነዚህ ቃላት የቤትና የመንደር ሙቀት ስላላቸው ለኢንሹራንስ ወይም ለሕክምና አገልግሎት ማስታወቂያ ሲገቡ ክብደቱን ያቀሉታል፤ በአንድ አጭር ማስታወቂያ ውስጥም ከአንድ ወይም ከሁለት ሲበልጡ ጨዋታ ይመስላሉ።

ለእድፍ «ደህና ሁን» ማለትን፣ ልዩነትን «መለማመድ»ን፣ በቅናሽ «መደሰት»ን የመሳሰሉ ከእንግሊዝኛ እንዳሉ የተገለበጡ አባባሎች ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሌላ ዘይቤ እንፈልግላቸው እየተባለ ጊዜ ከሚጠፋ አባባሉን ጥሎ የሚለውን ነገር በቀጥታ መናገር ይበቃል። እድፉ ይለቃል፤ ልዩነቱ ይታያል፤ ቅናሹን ገዢው ያገኛል ወይም ይጠቀምበታል።

አምስተኛው ስህተት የሚመጣው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የአማርኛውን ለዛ ያገኘ አርታኢ ስሜት ይይዘውና ምንጩ ያላለውን ቃል ይገባል። ናሙናውን ለማሳመር «አልለቅ ያለ እድፍ በአንድ እጥበት ልቅቅ!» ቢባል ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ምንጩ በአንድ እጥበት ልዩነት ይታያል አለ እንጂ እድፉ በአንድ እጥበት ይለቃል አላለም። ሁለት የተለያዩ ተስፋዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ተዋሕደው አምራቹ ያልሰጠው ዋስትና ወጥቷል ማለት ነው። «እስከ» የምትለዋም ቃል በዚሁ መንገድ በቀላሉ ትወድቃለች፤ «እስከ 50 በመቶ ቅናሽ» እና «50 በመቶ ቅናሽ» የሚሉት ለገዢው አንድ አይደሉም። ልብሱ «ትኩስ» ይሆናል የተባለው ደግሞ በምንጩ ጥሩ ጠረንን ሊመለከት ስለሚችል፣ ሳሙናው ሽታ ያለው መሆኑን ደንበኛውን ሳይጠይቁ ስለ ጠረን መጻፍ አይገባም። ተረት ወይም ቤት የሚመታ ስንኝ ጨምሮ ማስታወቂያውን «አማርኛ ለማስመሰል» መሞከርም ካልተጠየቁ የሚተው ነገር ነው።

ደንበኛው ሳሙናው ሽታ እንዳለው አረጋግጧል ብንል፣ ናሙናው ከታረመ በኋላ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«አልለቅ ላለ እድፍ! አዲሱና የተሻሻለው የዱቄት ሳሙና በኃይሉ ጨርቁ ውስጥ ዘልቆ እድፍ ያስለቅቃል፤ ልብስዎ ጽድት ብሎ፣ ቀለሙ ደምቆ፣ ጥሩ ጠረን ይዞ ይወጣል። አንዴ አጥበው ይዩት፤ ልዩነቱ ያኔውኑ ይታያል። ለቤተሰብዎ የሚበጀውን ዛሬውኑ ይውሰዱ!»

እዚህ ላይ ለቤተሰብ «ይገባዋል» የተባለው «የሚበጀው» ሆኗል፤ ስሜቱ እንዳለ ሆኖ የተንጠለጠለው ምክንያት ከግዢው ጥሪ ጋር ተጋብቷል። «ፎርሙላ» ወጥቷል፤ ስለ ውህዱ ሌላ የተባለ ነገር ስለሌለ «በኃይሉ» የሚለው ይሸከመዋል። ማስታወቂያው ስለ አንድ የተለየ ንጥረ ነገር ቢናገር ኖሮ ግን መውጣት አይችልም ነበር። እንዲህ የታረመውን ጽሑፍ እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው ጮክ ብሎ ማስነበብ ጠቃሚ ፈተና ነው፤ አንባቢው የሚደናቀፍበት ወይም ትንፋሹ የሚያጥርበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የምንጩ አካሄድ ያልለቀቀበት ቦታ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ሰዓትንና ቀንን እንደ ቁጥር ብቻ ቆጥሮ ማሳለፍ ነው። በእንግሊዝኛው ምሽት 6 ሰዓት ላይ የሚያበቃ ሽያጭ በአማርኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ቁጥሩ ሳይለወጥ «እስከ 6 ሰዓት» ብቻ ተብሎ ከቀረ ግማሹ ገዢ እኩለ ቀን፣ ግማሹም እኩለ ሌሊት ብሎ ይረዳዋል። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 የሚዘጋ ሽያጭም በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 22 ቀን ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና በገባው ዓመት ግን ታኅሣሥ 21 ይሆናል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ማስታወቂያ ላይ ቀኑን መገልበጥ አንድ ቀን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ቀኑ በየዓመቱ ከቀን መቁጠሪያ ላይ መረጋገጥ አለበት።