ከካናዳ የሚላክ የግብዣ ደብዳቤ፦ ምን መያዝ አለበት? ምንን አይተካም?

ባሕር ዳር ያሉ ዘመዶቻችን ለጉብኝት ወደ ካናዳ ለመምጣት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚጠይቁን የግብዣ ደብዳቤ ነው። ካልጋሪ ከገባሁ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ለእኅቴ የጻፍኩት ደብዳቤ ግን ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሟላው ሆኖ ሳለ የእርሷ ማመልከቻ ከሁሉም የከፋ ውጤት ይዞ ተመለሰ። ስለ ደብዳቤው ይዘት የምለው አጭር ነው። ማመልከቻው በማን እጅ እንደሚሞላ የምለው ግን ይረዝማል፤ እኛን የጎዳን እርሱ ነውና።

የካናዳ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ደብዳቤው ሊይዛቸው የሚገቡትን ነገሮች በግልጽ አስቀምጧል። ስለ ተጋባዡ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና ስልክ፣ ከጋባዡ ጋር ያለው ዝምድና፣ የጉዞው ዓላማ፣ የቆይታው ርዝመት፣ የት እንደሚያርፍና ወጪው በማን እንደሚሸፈን፣ እንዲሁም ካናዳን ለቅቆ የሚወጣበት ቀን ይጻፋል። ስለ ጋባዡ ደግሞ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ስልክና ሥራ፣ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆኑ፣ የትዳር ጓደኛውና የልጆቹ ስምና የትውልድ ቀን፣ እንዲሁም በቤቱ የሚኖሩት ሰዎች ብዛት ይገለጻል። የጋባዡ የዜግነት ወይም የነዋሪነት ሰነድ ቅጂ ይያያዛል። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ተኩል ያልቃል፤ የቪዛ ክፍሉ ካልጠየቀ በስተቀርም በውልና ማስረጃ ማጸደቅ አያስፈልግም።

ደብዳቤ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ በቀን ነው። እኅቴ የተወለደችው መስከረም 5 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 15 ቀን 1992 ይሆናል። ዝም ብሎ ስምንት ዓመት የሚደምር ሰው 1993 ብሎ ይጽፋል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ግን የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት ሰባት ዓመት ነው። ስለዚህ ቀኑንም ስሙንም ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል መገልበጥ ይገባል። እናቱን የሚጋብዝ ሰው ደግሞ ከእናቱ ጋር አንድም የጋራ ስም እንደሌለው የውጭ መርማሪ በራሱ እንደማይረዳ ያስታውስ፤ የእናትን ስም የያዘ የልደት የምስክር ወረቀት ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ካልተያያዘ ዝምድናው በቃል ብቻ ይቀራል። ትርጉሙን የቤተሰብ አባል ቢሠራው ተቀባይነት የለውም።

ደብዳቤው የማይተካው የተጋባዡን የራሱን ኑሮ ነው። የቪዛ መኮንኑ የሚመዝነው ዋናው ጥያቄ እንግዳው ቀኑ ሲያልቅ ካናዳን ለቅቆ ይወጣል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ወንድም «ትመለሳለች» ብሎ ስለጻፈ ብቻ ይህ ጥያቄ መልስ አያገኝም። እኅቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ባሏ በጣና ላይ እንግዶችን ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ ያመላልሳል፤ ሁለት ልጆቻቸውም ባሕር ዳር ይማራሉ። ለመመለሷ ማስረጃ የነበሩት የትምህርት ቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የባሏ የንግድ ፈቃድ፣ የቤታቸው የይዞታ ማረጋገጫና ደመወዟ በየወሩ የሚገባበት የባንክ መግለጫ ነበሩ። እኔም ወጪውን እሸፍናለሁ ካልኩ የሥራ ማስረጃዬንና የግብር ሰነዴን ማያያዝ ነበረብኝ፤ አያይዣለሁም። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነበር።

ማመልከቻውን በኢንተርኔት የመሙላቱን ሥራ ግን ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት። የእናታችንን የቤት ጉዳይ ለዓመታት ያለ አንድ ብር ጉድለት ያስፈጸመልን ሰው ስለሆነ ስለ እርሱ ለመጠራጠር ምንም ምክንያት አልነበረኝም። እርሱ ደግሞ ሳይነግረን ሰነዶቹን ሁሉ ከተማ ውስጥ ለሚያውቀው አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ወስዶ ሰጠ፤ የአገልግሎት ክፍያውንም ከኪሱ ከፈለ። ሰውየው አካውንቱን በራሱ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ከፈተ። እኅቴ ቅጹን አንድም ጊዜ አላየችውም፤ አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ ወደሚገኘው የማመልከቻ ማዕከል ስትሄድም የያዘችው ፓስፖርቷን፣ አሻራ እንድትሰጥ የተላከውን ደብዳቤና የቀጠሮ ወረቀቷን ብቻ ነበር።

ቅጹ ውስጥ ከዚህ በፊት በካናዳም ሆነ በሌላ በማንኛውም አገር ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። እኅቴ ከሦስት ዓመት በፊት የአሜሪካ ቪዛ ተከልክላ ነበር፤ ይህንንም ለአጎቴ ልጅ ነግራው፣ እርሱም ለሰውየው ነግሮታል። ሰውየው ግን የሚጠቅማት መስሎት «የለም» ብሎ ሞላ። መኮንኑ ልዩነቱን ደርሶበት፣ ከመወሰኑ በፊት ማብራሪያ እንድትሰጥ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላከ፤ ደብዳቤው የገባው ግን ሰውየው ብቻ በሚከፍተው ኢሜይል ነበር። የመልስ ቀኑ አለፈ፤ ውሳኔውም ሐሰተኛ መረጃ በማቅረብ የአምስት ዓመት እገዳ ሆነ።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ከውሳኔው በኋላ ነው። በካናዳ የሚኖር ሰው በአመልካቹ የጽሑፍ ፈቃድ አምስት ዶላር ከፍሎ የማመልከቻውን ፋይል መጠየቅ ስለሚችል ጠየቅሁ። ፋይሉ ሲደርሰኝ የማላውቀው ኢሜይል በእኅቴ ስም ትይዩ ተጽፎ አየሁ፤ ጥቂት ገጾች ዝቅ ብሎ ደግሞ ያቺን «የለም» አገኘኋት። እኅቴ በስልክ ጮክ ብዬ ሳነብላት «እኔ እኮ ነግሬዋለሁ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። የአጎቴ ልጅም «ለእርሷው ብዬ ነው፤ ሰውየው ልምድ አለው ሲሉኝ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለእርሷ ብሎ ነው፤ ተቆጥቼውም ዝምድናችንን አላቋረጥኩም። ይሁን እንጂ ገንዘብ አለመንካት አንድ ነገር ነው፤ በሌላ ሰው ስም የሚሰጥን ቃል መጠበቅ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጌ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ደግሞ «አዎ» ተብሎ የተከለከለችበት ዓመትና አገር በአንድ አረፍተ ነገር ቢጻፍ ኖሮ የሌላ አገር ክልከላ በራሱ ካናዳ እንዳትገባ የማያግዳት መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ደብዳቤውን የምልከው ሦስት ነገር ካረጋገጥኩ በኋላ ነው። አካውንቱ በአመልካቹ በራሱ ኢሜይል ይከፈታል፤ የይለፍ ቃሉንም ሌላ ሰው አይይዘውም። የተሞላው ቅጽ ከመላኩ በፊት ለእኔ ይላክልኝና ከአመልካቹ ጋር በስልክ መስመር በመስመር እናነበዋለን፤ በእኔ ደብዳቤ ስድስት ሳምንት ተብሎ በቅጹ ስድስት ወር ቢጻፍ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ተከፍሎት የሚሞላ ሰው ካለ ደግሞ በካናዳ ሕግ የተፈቀደለት ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ መሆን አለበት፤ ስሙም በውክልና ቅጽ ላይ ይሰፍራል። ስሙን ማስፈር የማይፈልግ ሰው ቅጹን እንዳይነካው አደርጋለሁ።

የቪዛው ክፍያ 100፣ የአሻራው 85 የካናዳ ዶላር ነው። የእኅቴ እገዳ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ያ ቀን ያለበትን ወረቀት እርሷም እኔም አስቀምጠነዋል። አምስቱ ዓመት ሞልቶ ስታመለክት ለዚያው ጥያቄ ሁለቱንም ክልከላዎች ትጽፋለች፤ ቅጹንም በራሷ ስልክ፣ በራሷ እጅ ትሞላዋለች።