ሣሩ አልመለስ ሲል፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የግጦሽ መሬት አማካሪ ነኝ፣ ቢሮዬ ፒያሳ ነው። ከብቶቹ ሱሉልታና ሰንዳፋ ናቸው፣ ባለቤቶቹ ግን እዚሁ ከተማ ይኖራሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳዩኛል። አጥርና ውሃ መኖሩን አልጠይቅም፣ እሱን ሁሉም ያውቃል።

መጀመሪያ ትንንሾቹን ችግሮች ልጨርስ። ሣሩ ቢጫ ሆኖ ከሥሩ ውሃ ካቆረ፣ ቦይ ቅደዱለት። በኅዳር በአንድ ሌሊት ጫፉ ከተቃጠለ ውርጭ ነው፣ ተዉት።

አሁን ወደ ዋናው። ምልክቱ ይሄ ነው፦ ክረምቱ ጥሩ ዘንቧል፣ ሣሩ ግን ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። መሃል መሃሉ ላይ መሬቱ ራቁቱን ይታያል። አሜኬላና ጎርጠብ ይበዛል፣ ማጌት ይጠፋል። ሰውየው ደግሞ መጥቶ የሚጠይቀኝ ስለ ማዳበሪያ ነው።

አንድ ጋሼ እንደዚሁ መጡ። 4 ሄክታር፣ 8 ላም። «ልጄ፣ ዘንድሮ ዩሪያ ጨመርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም» አሉኝ። ድሮስ ስንት ከብት ነበረዎት ስላቸው «ያው ስምንት» አሉ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው! የድሮዎቹ የአበሻ ላሞች ነበሩ፣ አንዷ 250 ኪሎ ገደማ። የአሁኖቹ ክልስ ናቸው፣ 400 ኪሎ። ላም በቀን የክብደቷን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች። ስለዚህ የአበሻዋ 6 ኪሎ ከሩብ፣ ክልሷ 10 ኪሎ። ራስ ቆጥረው ሆድ ረሱ።

መሬቱ ስንት ይሸከማል የሚለውን በግምት አልነግርም፣ እንለካለን። በሰኔ ወር፣ አምስት ቦታ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በእሾህ እናጥራለን፣ ከብት እንዳይነካው። (ሳያጥሩ ከተጋጠው ላይ አጭደው የሚመዝኑ አሉ፤ የለኩት እኮ የተረፈውን ነው።) መስከረም መጨረሻ ላይ ይታጨዳል፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይመዘናል። የጋሼ አማካይ 350 ግራም ሆነ። ያ በሄክታር 3,500 ኪሎ ነው፣ በ4 ሄክታር 14,000። ግማሹ ለሣሩ ይቀራል፣ ለላም 7,000። አንዷ ክልስ በዓመት 3,650 ኪሎ ትፈልጋለች። መሬቱ ዓመቱን ሙሉ ብቻውን የሚችለው እንግዲህ ሁለት ላም እንኳ አይሞላም። ጋሼ ዝም አሉ። ቡናቸው ቀዘቀዘ።

ግማሹ ለምን ይቀራል? ሥሩን የሚመግበው ቅጠሉ ስለሆነ። ቅጠሉ በየሳምንቱ ከተላጨ ሥሩ ያጥራል፣ ያጠረ ሥር በጋ ላይ ውሃ አያገኝም። ዩሪያ ይሄን አያክምም። ከሁሉ የከፋው ሰኔ ላይ ነው። ሣሩ ገና በሥሩ ስንቅ አቆጥቁጦ ሳይጠና ከብቱ ይለቀቃል፣ በዚያ ላይ ዋልካው እርጥብ ስለሆነ ኮቴው ያቦካዋል። አረንጓዴ ስላያችሁ ብቻ አትልቀቁ። ይሄን በየዓመቱ እናገራለሁ፣ በየዓመቱ ይለቃሉ።

መፍትሄው፦ ከብቱ የሚገባው ሣሩ አንድ ስንዝር ሲሞላ ነው፣ የሚወጣው አራት ጣት ሲቀር። ጋሼ አራት ላም ሸጡ፣ አንገራግረው ነው። መሬቱን አራት ቦታ ከፈልነው። አንዱ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ጥቅምት ላይ ለድርቆሽ ታጨደ፣ ሦስቱ ላይ በየሳምንቱ ገደማ ተዘዋወሩ። የጎደለውን ጭድና ድርቆሽ ገዝተው ሞሉ። በጋ ላይ ግን ማዘዋወር ዋጋ የለውም፣ ሣሩ አያድግምና፤ ያኔ ከተቀመጠው መኖ ነው። በሁለተኛው ክረምት ማጌቱ ማንም ሳይዘራው ብቅ አለ።

አሁን የዘር ነገር። ጋሼ ከኔ በፊት ከአንድ ሱቅ አልፋልፋ ገዝተው ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ላይ ዘርተው ነበር። ሥሩ በሰበሰ። ሌላ ደንበኛዬ የዝሆን ሣር ሱሉልታ ላይ ተክሎ ውርጭ ጠበሰበት፣ ያ ሣር ቆላና ወይና ደጋ ይወዳል። ለእነዚህ ቦታዎች ቶሎ የሚደርሰው አጃ፣ ቬች ከሚባለው የመኖ ሐረግ ጋር ነው፣ በክብደት ሦስት እጅ አጃ፣ አንድ እጅ ቬች፣ ውሃ በማይተኛበት መሬት ላይ። ቬቹ ሲያብብ እጨዱት፣ ከዘገየ አጃው ጭድ ይሆናል። ለረግረጉ ፋላሪስ የሚባለው ሣር ይሻላል።

ዘር ስትገዙ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ሶፍት ላይ አስቀምጡ። በአሥር ቀን ከ60 በታች ከበቀለ ለሻጩ መልሱለት። አንዴ ያመጡልኝ 11 ነው የበቀለው፤ ሻጩ «አፈሩ ነው» አለ፣ እኔ የሞከርኩት ሶፍት ላይ ነው!

አልፋልፋው የሚስማማው ደረቅ መሬት ያላችሁ ደግሞ፣ ጠዋት ጤዛ እያለ የተራበ ከብት አታስገቡ። ይነፋል፣ ሐኪም እስኪደርስ አይጠብቅም። መጀመሪያ ድርቆሽ አብሉት።