የማለዳ ሙቀትን መዝግቦ እንቁላል መውጣቱን ማረጋገጥ የሚቻለው እንዴት ነው?

የወር አበባ ከመጣ ጀምሮ እንቁላል እስኪወጣ ድረስ የሰውነት የዕረፍት ሙቀት ዝቅ ብሎ ይቆያል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይጨምርና እስከሚቀጥለው የወር አበባ አካባቢ ድረስ እንደዚያው ይሰነብታል። ይህን የሚያደርገው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው። እንቁላሉን ይዞ የነበረው ከረጢት ከፈነዳ በኋላ ወደ ትንሽ እጢ ይለወጥና ፕሮጄስትሮን በብዛት ማመንጨት ይጀምራል፤ ሆርሞኑም የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ሙቀቱን ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ያደርገዋል።

ስለዚህ ሙቀቱ የሚነግረን ያለፈውን ነው። የወጣው እንቁላል በሕይወት የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ሲሆን ጭማሪውን ለማረጋገጥ ግን ቢያንስ ሦስት ቀን ያስፈልጋል። ማረጋገጫው እጅዎ ሲገባ የዚያ ወር የመፀነሻ ጊዜ አልፏል ማለት ነው። መዝገቡ በደንብ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱም «በዚህ ዑደት እንቁላል ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» የሚለው ነው።

ቴርሞሜትሩ

ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ የሚያሳይ ዲጂታል ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ 36.45 የሚል። ለትኩሳት የሚያገለግለው የተለመደው ቴርሞሜትር 36.4 ወይም 36.5 ብሎ ስለሚያቆም፣ የምንፈልገው የ0.2 ልዩነት በላዩ ላይ የሁለት እርምጃ ያህል ብቻ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጠባብ ልዩነት አንዲት ትንሽ ስህተት ጭማሪውን ትደብቀዋለች። ግንባር ወይም ጆሮ ላይ የሚለኩ መሣሪያዎች ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ በብብት መለካትም አስተማማኝ አይደለም። በአፍ፣ በብልት ወይም በፊንጢጣ መለካት ይቻላል። የትኛውንም ቢመርጡ ዑደቱ እስኪያልቅ እዚያው ላይ ይጽኑ፤ በየቦታው የሚገኘው ሙቀት ስለሚለያይ መሃል ላይ መቀየር ሐሰተኛ ጭማሪ ወይም ቅናሽ ይፈጥራል። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ከተቀየረ ቀኑን መዝገቡ ላይ ይጻፉት።

አለካኩ

ቴርሞሜትሩን ማታ ሳይነሡ በእጅ በሚደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ። ጠዋት ዓይንዎን እንደገለጡ፣ ከመነሳትዎ፣ ከማውራትዎና ውኃ ከመጠጣትዎ በፊት ይለኩ። ከዚያ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ተኝተው መሆን አለበት። በአፍ ከሆነ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ከምላስ ሥር ወደ ኋላና ወደ ጎን አስገብተው ከንፈርዎን ይግጠሙ፤ በአፍ መተንፈስ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ብዙ ዲጂታል ቴርሞሜትሮች ጭማሪው ሲዘገይ ድምፅ ያሰማሉ እንጂ ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ ረግቷል ማለታቸው አይደለም። ስለዚህ ድምፁን ሰምተው አያውጡት፤ በየቀኑ እኩል ሦስት ደቂቃ ያቆዩት።

ቁጥሩን ወዲያው ይጻፉ፤ ከጎኑም የለኩበትን ሰዓት ያስፍሩ። ሰዓቱን መጻፍ ብዙዎች የሚተዉት ነገር ነው፤ ኋላ ላይ ግን ከሁሉም በላይ የሚፈለገው እሱ ነው። አልጋ ላይ እንደተኙ እንኳ ቢሆን ሙቀት ከንጋት ጀምሮ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ አንድ ሰዓት መዘግየት ቁጥሩን በ0.1 ዲግሪ ያህል ሊያሳድገው ይችላል። እንቅልፍ ያጡበትን፣ አልኮል የጠጡበትን፣ የታመሙበትን ወይም መንገድ ላይ ያደሩበትን ቀንም እንዲሁ በአጭሩ ይጻፉ።

ውኃ የማይቋጥረውን ቁጥር መለየት

ምክንያቱ የታወቀና ከጎረቤቶቹ ወጣ ያለ ቁጥር በቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ አይሰረዝም፣ ግን በስሌት ውስጥ አይቆጠርም። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ዘግይተው ለክተው ቁጥሩ እንደ ሌሎቹ ከሆነ ይቆጠር። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ምንም ምክንያት ካልተገኘም ይቆጠር። ምክንያቱን በዚያው ጠዋት መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከሳምንት በኋላ መስመሩን እያዩ ምክንያት መፈለግ ከጀመሩ የሚፈልጉትን ሥዕል መሳል ይመጣል።

ሦስት በስድስት ላይ

ማረጋገጫው የሚሰጠው በዓይን ግምት ሳይሆን በሚከተለው ደንብ ነው። በፊቱ ካሉት ስድስት ቁጥሮች ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ሲያገኙ ቆም ይበሉ። ከስድስቱ ትልቁ ላይ አግድም መስመር ያስምሩ። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ቀኖችም ከመስመሩ በላይ መሆን አለባቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከመስመሩ ቢያንስ በ0.2 ዲግሪ መብለጥ አለበት። ይህ ሲሟላ ጭማሪው ተረጋግጧል።

ሁለት ማስተካከያዎች አሉ። ሦስተኛው ቁጥር 0.2 ካልሞላ አራተኛ ቀን ይጠበቃል፤ አራተኛው ከመስመሩ በላይ መሆኑ ብቻ ይበቃል። ወይም ደግሞ ከሦስቱ አንዱ መስመሩ ላይ ወይም ከሥሩ ቢወርድ እሱ ይዘለልና ሌላ ቀን ይጨመራል፤ ያኔ ግን የመጨረሻው ቁጥር 0.2ቱን የግድ መሙላት አለበት። ሁለቱን ማስተካከያዎች በአንድ ዑደት አብሮ መጠቀም አይፈቀድም።

በቁጥር እንየው። የሚከተለው መዝገብ ዘወትር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የምትለካ ሴት ዑደት ነው፤ ቀኖቹ የሚቆጠሩት የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው።

ቀን 9፦ 36.45
ቀን 10፦ (36.60)፣ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይታ ለካች
ቀን 11፦ 36.35
ቀን 12፦ 36.40
ቀን 13፦ 36.35
ቀን 14፦ 36.45
ቀን 15፦ 36.30
ቀን 16፦ 36.55
ቀን 17፦ 36.60
ቀን 18፦ 36.60
ቀን 19፦ 36.70

በ16ኛው ቀን ቁጥሩ ከፍ አለ። ወደ ኋላ ስድስት ስንቆጥር 15፣ 14፣ 13፣ 12 እና 11ን እንወስዳለን፤ 10ኛው ቀን በቅንፍ ስላለ ተዘሎ 9ኛው ይገባል። ከእነዚህ ትልቁ 36.45 ነው፤ መስመሩ እዚያ ላይ ይሰመራል። 16፣ 17 እና 18ኛው ቀን ሁሉም ከመስመሩ በላይ ናቸው። ነገር ግን 18ኛው ቀን 36.65 መድረስ ነበረበት፤ በ0.05 ጎደለ። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ገና አልተረጋገጠም። በ19ኛው ቀን አራተኛው ቁጥር ከመስመሩ በላይ ሆኖ ሲመጣ ጉዳዩ ተዘጋ፤ ጭማሪው የጀመረው በ16ኛው ቀን ነው፣ የተረጋገጠው ግን በ19ኛው።

ያ የ10ኛው ቀን ቁጥር ያለ ቅንፍ ቢቆጠር ኖሮ የ16ኛው ቀን 36.55 በፊቱ ካሉት ስድስት ቁጥሮች ሁሉ አይበልጥም ነበር። ያኔ ጭማሪው በ17ኛው ቀን የጀመረ ይመስል ነበር፤ መስመሩም 36.55 ላይ ስለሚሰመር በ19ኛው ቀን ገና አይረጋገጥም ነበር። ሰዓቷን ባትጽፍ ኖሮ ይህን ለማወቅ መንገድ አልነበራትም።

እንቁላሉ በየትኛው ቀን ወጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከጭማሪው በፊት ባሉት አንድ ሁለት ቀኖች ውስጥ ይሆናል፤ በዚህ መዝገብ 14ኛው ወይም 15ኛው ቀን ማለት ነው። ትክክለኛውን ቀን ግን ሙቀት ብቻውን አይነግርም። ብዙዎች በ15ኛው ቀን እንደታየው ዓይነት ዝቅታ ሲያዩ «ዛሬ ነው» ይላሉ፤ እንዲህ ያለው ዝቅታ ግን በብዙ ዑደቶች አይታይም፣ እንቁላል ባልወጣባቸው ቀኖችም ይታያል። እምነት ሊጣልበት አይገባም።

ከጭማሪው በኋላ

ልኬቱን እዚያው አያቁሙ። ከፍ ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 16 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ፕሮጄስትሮን ሲወርድ ሙቀቱም ይወርዳል፣ የወር አበባም በዚያው ወይም በማግስቱ ይመጣል። ከሦስትና አራት ቀን በኋላ ተመልሶ የወረደ ጭማሪ ጉንፋን ወይም ሌላ ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል ማረጋገጫውን ያፈርሰዋል። ሙቀቱ ከፍ ብሎ 18 ቀን ካለፈው ደግሞ የእርግዝና ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

ምንም ጭማሪ ሳይታይ ደም ከመጣ በዚያ ዑደት እንቁላል አልወጣም ማለት ሊሆን ይችላል። ጡት በማጥባት ጊዜ፣ የእርግዝና መከላከያ ካቆሙ በኋላ ወይም ከማረጥ በፊት ባሉት ዓመታት ይህ ያጋጥማል። አንድ ጊዜ ሲሆን አያስጨንቅም፤ በተከታታይ ወራት ከተደጋገመ ግን ሐኪም ማየት አለበት። ሆኖም ጥቂት ሴቶች እንቁላል እየወጣላቸው ግልጽ ጭማሪ አይታይባቸውም፤ ጠፍጣፋ መዝገብ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በተቃራኒውም፣ አልፎ አልፎ ከረጢቱ ሳይፈነዳ፣ እንቁላሉን እንደያዘ ፕሮጄስትሮን ማመንጨት ሊጀምር ይችላል፤ ያኔ ሙቀቱ እንደ ደንቡ ይጨምራል፣ እንቁላል ግን አልወጣም። ይህን የሚለየው አልትራሳውንድ ነው። የሆርሞን መከላከያ እየወሰደች ያለች ሴት መዝገብ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ የሚታየው የመድኃኒቱ ሆርሞን ውጤት ነው።

መዝገቡ ሐኪም ዘንድ በጣም የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ። እንቁላል መውጣቱን ለማየት የሚደረገው የፕሮጄስትሮን የደም ምርመራ በተለምዶ በ21ኛው ቀን ይታዘዛል፤ ይህ ግን ዑደቱ 28 ቀን ለሆነ ሰው የተሰላ ነው። ምርመራው መደረግ ያለበት እንቁላል ከወጣ ሰባት ቀን ገደማ በኋላ ነው። እንቁላሏ በ20ኛው ቀን የወጣ ሴት በ21ኛው ቀን ደም ብትሰጥ ሆርሞኑ ገና ስላልጨመረ ውጤቷ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ የእሷ ትክክለኛ ቀን 27ኛው አካባቢ ነበር። የሁለትና የሦስት ዑደት መዝገብ ይዛ ብትቀርብ ሐኪሙ የምርመራውን ቀን ከእሷ ጭማሪ ተነስቶ ይቆርጥላታል።