ሁለት የጡረታ ቀን ያለው ሠራተኛ፦ የዕድሜ፣ የልደትና የጡረታ ቀን ስሌት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ብዙ ዓመት የሠራሁት የሠራተኞችን የግል ማኅደር በማስተካከል ነው። የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት፣ ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ ስድስት እንደምትሆን፣ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር። እዚህ የማነሣው ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንኳ የሚሳሳትበትን ነው።

ምልክት፦ ጡረታው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ ቀን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሌላ ቀን ይመጣል

ከአሥር ማኅደር በአንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። በተደጋጋሚ የሚያጋጥመኝ ግን ይኸው ነው። ሠራተኛው በእጁ የያዘው ወረቀት የካቲት ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግንቦት ይላል፣ የቢሮው ሰው ደግሞ «ያው የአቆጣጠር ልዩነት ነው» ብሎ ይሸኘዋል። የአቆጣጠር ልዩነት አይደለም። በ60 ዓመት ላይ ሁለቱ አቆጣጠሮች ፈጽሞ ሊለያዩ አይችሉም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለቱም በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራሉ፤ እኛ በጳጉሜ፣ እነሱ በፌብሩወሪ። 60 ለአራት ስለሚካፈል ከልደት እስከ ስድሳኛው ልደት በሁለቱም በኩል የሚቆጠረው 21915 ቀን ነው፣ አንድም አይጎድል አንድም አይተርፍ። (አውሮፓውያኑ በ2100 እ.ኤ.አ. ጭማሪዋን ቀን ይዘልላሉ። ከ2040 እ.ኤ.አ. ማርች ወዲህ ለሚወለዱት ይህ መፈተኛ አይሠራም፤ እነሱ ገና አልተወለዱም።) ስለዚህ ሁለት የጡረታ ቀን ካያችሁ በስሌቱ ላይ አትድከሙ። የተበላሸው የልደት ቀኑ ራሱ ነው፤ ማኅደሩን ክፈቱ።

በብዛት የማገኘው መንስኤ የወር ቁጥርን ሳይቀይሩ ዓመቱን ብቻ መቀየር ነው። አንድ ጊዜ የካቲት 5 ቀን 1956 ዓ.ም. የተወለዱ አባት መጡ። የቅጥር ቅጻቸው ላይ 05/06/1956 ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። የካቲት ስድስተኛ ወር ናትና ልክ ነው። መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግን አንድ ሰው ስምንት ዓመት ደምሮ 05/06/1964 አደረገው። ኮምፒውተሩ ስድስተኛውን ወር ጁን ብሎ አነበበ። እውነተኛው ልደታቸው ፌብሩወሪ 13 ቀን 1964 ሲሆን መዝገቡ ጁን 5 ይላል። ስድሳ የሞላቸው የካቲት 5 ቀን 2016 ነው፤ በኮምፒውተሩ ግን ግንቦት 28 ቀን 2016። በመካከሉ 113 ቀን አለ። «ልጄ፣ እኔ የተወለድኩበትን ቀን እናቴ ነግራኛለች፤ እናንተ ደግሞ ሌላ እናት ሰጣችሁኝ» አሉኝ። ሰውየው አልተሳሳቱም። የ113 ቀን ደመወዝ ይገባቸው ነበር ወይስ አይገባቸውም የሚለው ክርክር የተነሣው አንድ ሰው የወር ቁጥር ለመቀየር ስለሰነፈ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ምንም ሳይቀይሩ 05/06/1956ን እንዳለ ኤክሴል ውስጥ መጻፍ ነው። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ወስዶ ሰውየውን ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። አንዳንዱን ደግሞ አይቀበልም፤ ጥቅምት 30 ማለትም 30/02/1956 በእነሱ ዘንድ የለምና ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የሚለየው በዓይን ነው። የተቀበላቸው ቀኖች የሳጥኑን ቀኝ ጠርዝ ይይዛሉ፣ ያልተቀበላቸው ግራ ጠርዝ ይይዛሉ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀኝ ግማሹ ግራ ተለጥፎ ካያችሁ ያ ዓምድ በሙሉ ያልተመነዘረ የኢትዮጵያ ቀን ነው። በግራ ያሉትን ብቻ አርማችሁ እንዳትሄዱ! በቀኝ ያሉት ናቸው ይበልጥ የተበላሹት።

*መፍትሄ፦* ቀን፣ ወርና ዓመትን በአንድ ሳጥን አትጻፉ። ቀኑን A፣ ወሩን B፣ ዓመቱን C ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ አስገቡ፤ ጳጉሜ 13ኛ ወር ናት። ከዚያ D ላይ ይህን ጻፉና ሳጥኑን በቀን መልክ አሳዩት፦

```
=365*C2+INT(C2/4)+30*(B2-1)+A2-691164
```

ከ1900 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወዲህ ላሉ ቀኖች በትክክል ይሠራል። ግን ከመጠቀማችሁ በፊት ፈትኑት፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መሆን አለበት፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ደግሞ ሴፕቴምበር 11። አራት ዓመት ያህል ዘሎ ከመጣ የፋይሉ የቀን መነሻ 1904 ሆኖ ተቀምጧል፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት።

ጡረታ መውጫውን ለማግኘት C ላይ 60 ደምራችሁ ያንኑ ቀመር ድገሙ። ሁለቱ ውጤቶች ሲቀናነሱ 21915 ካልመጣ 60ው C ላይ በትክክል አልተደመረም ወይም ቀኑና ወሩ በሁለቱ ስሌቶች አንድ አይደሉም።

ምልክት፦ ልደቱ ጳጉሜ 6 የሆነ ሰው ዕድሜ በአንድ ዓመት ይዛባል

ጳጉሜ 6 የምትገኘው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው፤ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ሲተርፍ ማለት ነው። 1955፣ 1999፣ 2015 እንዲህ ናቸው።

ለጡረታ ይህ ቀን ምንም ችግር የለበትም፤ ሰዎች ግን በጣም ይፈሩታል። ጳጉሜ 6 ቀን 1955 የተወለደ ስድሳ የሚሞላው 2015 ላይ ነው፣ እሱም ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜ 6 አለችው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ከፓስፖርት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ነው። ፓስፖርቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1963 ይላል። መዝጋቢው ሴፕቴምበር 11 መስከረም 1 መሆኑን በቃሉ ያውቃልና መስከረም 1 ቀን 1956 ብሎ ይጽፋል። በዚያ ዓመት ግን መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነበር። ስሕተቱ የአንድ ቀን ብቻ ሆኖ ሳለ ዓመቱን ተሻገረ፤ 1955 የነበረው 1956 ሆነ። የጡረታ ዕቅድ የሚያወጣው ክፍል ደግሞ ዓመቱን ብቻ አይቶ ስም ዝርዝር ስለሚያዘጋጅ ሰውየው በ2016 ዝርዝር ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ማኅደር በእጄ አልፏል፤ ስሙ ከ2015 ዝርዝር ጠፍቶ ሲፈለግ የተገኘው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው። በቃል የተያዘ «ሴፕቴምበር 11 እንቁጣጣሽ ነው» የሚል እውቀት ከጳጉሜ 6 ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ አንድ ቀን ያሳስታል። ከየካቲት 22 ጀምሮ ችግር የለም።

ለ18 ዓመት ግን ጳጉሜ 6 በእርግጥ ታስቸግራለች፤ 18 ለአራት አይካፈልም። በሚሌኒየሙ ዋዜማ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 1999 የተወለደች ልጅ እንውሰድ። 18 ዓመቷ 2017 ላይ ይሞላል፣ በዚያ ዓመት ግን ጳጉሜ አምስት ናት። ጳጉሜ 5 ይባል ወይስ መስከረም 1? ሕግ ወይም የተቋሙ ደንብ የሚለው ካለ እሱን ተከተሉ። ከሌለ እኔ መስከረም 1 ቀን 2018 እላለሁ፤ ጳጉሜ 5 ሲያልቅ ነው ዓመቱ የሞላላት። የአውሮፓው አቆጣጠርም ይመሰክርላታል፦ የተወለደችው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 ነው፣ መስከረም 1 ቀን 2018 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025። ሁለቱ ገጠሙ። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ 2018 ከ1999 ሲቀነስ 19 ነው። ዓመት ከዓመት ብቻ የሚቀንስ ቀመር ያላችሁ ዛሬውኑ አጥፉት፤ ትናንት 17 የነበረችውን ልጅ በማግስቱ 19 ያደርጋታል።

ምልክት፦ ፌብሩወሪ 29 የተወለደ ወይም ያገባ ሰው ቀኑን ያጣል

ለእኛ ይህ ጭንቀት የሌለበት ነው። ፌብሩወሪ 29 ሁልጊዜ የካቲት 21 ላይ ይውላል፣ የካቲት 21 ደግሞ በየዓመቱ አለች። ፌብሩወሪ 29 ቀን 2000 የተጋቡ ባልና ሚስት የጋብቻ ቀናቸው የካቲት 21 ቀን 1992 ነው፤ 25ኛ ዓመታቸውን የካቲት 21 ቀን 2017 ያከብራሉ፣ ይህም ፌብሩወሪ 28 ቀን 2025 ነው።

ውዝግቡ ያለው ኤክሴል ውስጥ ነው። `EDATE` በዚያው ቀን 25 ዓመት ሞላ ይላል። `DATEDIF` ግን ፌብሩወሪ 28 ላይ 24 ይላል፣ 25 የሚለው ማርች 1 ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አታደባልቁ።

ምልክት፦ ዕድሜ በወርና በቀን ሲጻፍ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይጎድላል

ስሌቱ ጳጉሜን ዘልሏታል። ነሐሴ 20 ቀን 1957 የተወለደ ሰው ጥቅምት 10 ቀን 2016 ላይ ስንት ዓመቱ ነው? የመጨረሻው ልደቱ ነሐሴ 20 ቀን 2015 ነበር፣ ያኔ 58 ሞላው። ከዚያ ወዲህ በወር ሲቆጥሩ «አንድ ወር ከሃያ ቀን» ብለው 50 ቀን ያደርጉታል። በቀን ሲቆጠር ከነሐሴ እስከ ወሩ መጨረሻ 10፣ ከጳጉሜ 6፣ ከመስከረም 30፣ ከጥቅምት 10፣ በድምሩ 56 ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን «58 ዓመት ከ56 ቀን» ብላችሁ ጻፉ። `DATEDIF`ን በ`"MD"` ቀሪ ቀን አታስቆጥሩ፤ ማይክሮሶፍት ራሱ የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የአገልግሎት ዘመን በአንድ ቀን ካነሰ የመጀመሪያው ቀን አልተቆጠረም፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሠራ ሰው ዓመት ሞልቷል።

የሆስፒታል ወረቀትና የቤተሰብ ትውስታ በአንድ ቀን ከተለያዩ የልደቱን ሰዓት ጠይቁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት የተወለደን ልጅ ቤተሰቡ በገባው ሌሊት ቀን ይጠራዋል፣ ሆስፒታሉ ደግሞ እኩለ ሌሊት አልፏልና በማግስቱ ይመዘግበዋል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ወረቀታቸው ላይ ጃንዩወሪ 1 የተጻፈላቸው ናቸው። የአሜሪካ ማኅበራዊ ዋስትና አንድ ሰው ዕድሜው የሚሞላው ከልደቱ ዋዜማ ነው ይላል፤ ስለዚህ ጃንዩወሪ 1 ቀን 1960 የተባለ ሰው እንደ 1959 ተወላጅ ይታያል። ለ1960 ተወላጆች ሙሉ የጡረታ ዕድሜ 67 ሲሆን ለእሱ 66 ከ10 ወር ነው። ሠንጠረዡን ስታነቡ በወረቀታችሁ ካለው ዓመት በፊት ያለውን ዓመት ተመልከቱ።