ሮስተር ላይ ባዶ የቀረ ውጤት፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ድሬዳዋ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ካርድ በሰጠን ማግስት የአንዲት ተማሪዬ እናት ከመልካ ጀብዱ ድረስ መጡ። «አቦ መምህር፣ ይቺ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስታጠና ነው የምታድረው፤ 62 ከየት መጣ?» አሉኝ። ሮስተሩን ከፍቼ አየሁት። ሙከራ ከ10 8፣ አሳይመንት ከ10 9፣ የቡድን ሥራ ከ10 9፣ ፋይናል ከ50 36። የሚድ ሳጥን ግን ባዶ ነበር። ሚድ በተሰጠበት ሳምንት ልጅቷ በደንጊ ትኩሳት ተኝታ ነበር። የሕክምና ወረቀቷም እኔው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ምልክት፦ የጎበዝ ተማሪ ድምር በአንድ ጊዜ ሲወርድ

መንስኤው ድምሩ ነው። ኤክሴል ሲደምር ባዶውን ሳጥን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ከ100 የሚታሰበው ግን አይቀየርም። ስለዚህ ማንም ዜሮ ሳይጽፍ ልጅቷ ከ20 ዜሮ አገኘች ማለት ነው። ቀሪ ያላቸውን ተማሪዎች ለማግኘት በየረድፉ ይህን ጻፉ፦

```
=COUNT(B2:F2)
```

አምስት ውጤት ሊኖር ሲገባ 4 ካለ አንድ ነገር ጎድሏል። ሳጥኑን ባዶ አትተዉት፤ «ቀሪ» ብላችሁ ጻፉበት። በእርግጥ ተፈትኖ ዜሮ ያመጣ ልጅም አለ፤ ሁለቱ መለየት አለባቸው። «ቀሪ» ብላችሁ ስትጽፉ SUM ምንም አይሆንም። በ+ የምትደምሩ ከሆነ ግን #VALUE! ይላችኋል።

ያለ ምክንያት ለቀረና ደንቡ አስቀድሞ ለተነገረው ልጅ ዜሮ ተገቢ ነው። ለታመመ ልጅ ግን ዜሮው የሚናገረው ስለ ትኩሳቱ ነው፤ ስለ ትምህርቱ ምንም አይነግረንም።

ምልክት፦ ቀሪውን አውጥተን ስናሰላ ውጤቱ ከሚጠበቀው በላይ ሲሆን

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሚዱን ተወውና የአራቱን አማካይ ውሰድ» አለኝ። በመቶኛ ሲቀየሩ 80፣ 90፣ 90 እና 72 ናቸው። አማካያቸው 83 ይመጣል። ደስ ይላል፣ ግን ልክ አይደለም። ከ10 የተያዘው የቡድን ሥራ ከ50 ከተያዘው ፋይናል ጋር እኩል ድምፅ አገኘ። ልጆቹ ተረዳድተው የሚሠሩት ሥራ ውጤቱን ወደ ላይ ሳበው።

መፍትሄው ያገኘችውን በተፈተነችበት ማካፈል ነው። 62ን ለ80 ስናካፍል 77.5 ከመቶ ይመጣል። ሙሉ ነጥቦቹ (10፣ 10፣ 10፣ 20፣ 50) የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ካሉ ቀመሩ ይኸው፦

```
=SUM(B2:F2)/SUMIF(B2:F2,">=0",B$1:F$1)*100
```

ይህ ባዶውንም «ቀሪ» የሚለውንም ከላይም ከታችም ያወጣል። የተጻፈ ዜሮን ግን ይቆጥራል።

ምልክት፦ ቀሪ የነበረው ልጅ የተፈተኑትን ሲበልጥ

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ጓደኞቿ ይጎዳሉ። 77.5 ስንሰጣት ሚድ ላይ ከ20 15.5 እንደምታመጣ ገምተንላት ነው። ያ ሚድ ግን ከባድ ነበር። የክፍሉ አማካይ ከ20 11 ብቻ ነው። በቀሩት አራቱ ግን ክፍሉ በአማካይ ከ80 60 አምጥቷል። ስለዚህ ግምቱን ከክፍሉ ጋር አስተያዩት፦ 62 ሲካፈል ለ60፣ ሲባዛ በ11። 11.4 ይሆናል። ድምሯ 73.4 ነው።

የክፍሉን አማካይ ስታወጡ የተፈተኑትን ብቻ ቁጠሩ። ለምሳሌ 50 ልጆች ካሉበት ክፍል 40ው ተፈትነው በአጠቃላይ 480 ቢያመጡ አማካዩ 12 ነው። ለአስሩ ቀሪዎች ዜሮ ከጻፋችሁ ወደ 9.6 ይወርዳል፤ እናንተም ትምህርቱ ያልገባቸው መስሏችሁ ምዕራፉን እንደገና ልታስተምሩ ነው።

የማይሠራበት ቦታ

የቀረው ፋይናል ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉት። በግማሽ ማስረጃ ሌላውን ግማሽ መሙላት አይሆንም፤ ውጤቱን «ያልተሟላ» ብሎ ይዞ መፈተን ነው። ለሚድም ቢሆን ጊዜ ካለ ከስሌቱ ፈተናው ይሻላል። ለልጅቷ በዚያው ክብደት ሌላ ጥያቄ አዘጋጅቼ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ፈተንኳት። ከ20 13 አመጣች። ካርዷ ላይ 75 ተጻፈ።